ምስር ወጥ 53 ግራም ፕሮቲን? የእናቴን ሳህን መዝኜ ያገኘሁት ቁጥር

ማሂ_ቱሉዲምቱ | ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ስሌት የሚገባው ሰው ቢያግዘኝ።

እናቴ የኩላሊት ሕመም አለባት። ዲያሊሲስ አልጀመረችም። ክብደቷ 57 ኪሎ ነው። ሐኪሟ በቀን 45 ግራም አካባቢ ፕሮቲን እንድትበላ ነግሮናል፤ ብዙ እንዳያልፍ፣ ብዙም እንዳይወርድ ብሎ። አንድ ወረቀትም ሰጡን። የምግብ ሰንጠረዥ ነው። ፎቶ ኮፒ ስለሆነ የላይኛው ክፍል ተቆርጧል። «ምስር ክክ» በሚለው ፊት ለፊት 24 የሚል ቁጥር አለ። በ100 ግራም ውስጥ ያለው ፕሮቲን ነው ተባልኩ።

ዲጂታል ሚዛን ገዛሁ። እሑድ ለምሳ ያቀረብኩላትን ምስር ወጥ ሳህኑን ዜሮ አድርጌ መዘንኩት። 220 ግራም ሆነ። 220 በ24 አባዝቼ ለ100 አካፈልኩ። 52.8 ወጣ። አንድ ምሳ ብቻ! ያውም እንጀራው ሳይቆጠር።

ደንግጬ ግማሹን ወደ ድስት መለስኩት። ይኸው ሦስት ቀኔ። እሷ ደግሞ «ልጄ፣ ራበኝ» ትላለች። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት? ወይስ ምስር ለእሷ ጨርሶ አይሆንም?

ብረት_አንሺው | ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡05

እህቴ፣ ስሌትሽ ትክክል ነው። የመዘንሽውን በሰንጠረዡ ቁጥር አባዝቶ ለ100 ማካፈል ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። እኔ ጂም ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው፣ የምበላውን ሁሉ በዚህ ነው የምቆጥረው።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። 24 የሚለው የደረቁ ምስር ነው። ሲበስል ውሃ ይጠጣል፣ በግምት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 24ን ለሦስት አካፍዪው። 8 ይሆናል። 220 በ8 ሲባዛ፣ ለ100 ሲካፈል 17.6 ግራም ነው። ተረጋጊ።

አባ_ቢኒ | ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡20

እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ክብደት እንዲቀንሱ ከተፈለገ ምስሩን ሳይሆን እንጀራውን ነው መቀነስ። ባለቤቴ ማታ ማታ እንጀራ ትታ ስድስት ኪሎ ቀንሳለች።

ማሂ_ቱሉዲምቱ | ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡31

አባ ቢኒ፣ አመሰግናለሁ። ግን እንድትቀንስ አልተፈለገም። እንዲያውም መክሳቷ ነው የሚያሳስበኝ። መመዘን ያልኩት ምግቡን ነው።

ብረት አንሺው፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ልቤ መለስ አለ። ግን የኔ ወጥ ሦስት እጥፍ ብቻ አይመስለኝም፤ ሽንኩርቱም ዘይቱም አለበት። ደግሞ ቀጠን አድርጌ ነው የምሠራው።

የምግብ_ባለሙያ_ለገጣፎ | ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡10

ማሂ፣ ከሁሉ በፊት ነገ የእናትሽን ምሳ ወደ ነበረበት መልሺ። እንዲህ ያለ ታካሚ ፕሮቲንም ጉልበት ሰጪ ምግብም ሲያንሰው ሰውነቱ የራሱን ጡንቻ ማፍረስ ይጀምራል። ሦስቱ ቀን በግማሽ እንዳለፈ ለሐኪሟም ንገሪው። ምስሩን መከልከል አያስፈልግም፤ ስሌቱ ነው መስተካከል ያለበት።

ሆስፒታል ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያጋጥመኝ ስህተት የለም። ማባዛቱና ማካፈሉ ትክክል ነው። የተሳሳተው የሚባዙት ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ ነገር አለመሆናቸው ነው። 24 የሚናገረው ሱቅ ስለገዛሽው ደረቅ ክክ ነው። 220 ግን የወጥ ክብደት ነው፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ውሃ ነው። የውሃውን ክብደት እንደ ደረቅ ምስር ቆጠርሽው ማለት ነው።

አሁን ወረቀቱን አውጪና ከፕሮቲኑ አጠገብ ያሉትን ዓምዶች ተመልከቺ። «እርጥበት» ወይም «ውሃ» የሚል ዓምድ መኖር አለበት። ራስጌው ቢቆረጥም ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በምስሩ መስመር 10 አካባቢ የሆነ ቁጥር ካገኘሽ ደረቅ ነው። የተቀቀለ ምስር ቢሆን 70 አካባቢ ይሆን ነበር፤ ፕሮቲኑም ወደ 9 ይወርዳል። እኔ የማላውቀው ሰንጠረዥ እጄ ሲገባ ከምግቡ ስም በፊት የማየው ይህን ዓምድ ነው። ስሙ ላይ «ጥሬ» ወይም «የበሰለ» ተብሎ ሳይጻፍ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ብረት አንሺው፣ አቅጣጫህ ትክክል ነው። ሦስት እጥፍ ያልከው ግን ውሃ ብቻ ለጠጣ ንፍሮ ነው የሚሠራው። ወጥ ሌላ ነገር ነው። የአንዷ ወፍራም ነው፣ የሌላዋ ሾርባ ይመስላል። ማሂ የራሷን ድስት መመዘን አለባት።

ማሂ_ቱሉዲምቱ | ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡22

አየሁት! ከ24 በስተግራ 10.8 የሚል አለ። እኔ ደግሞ ቅባት መስሎኝ ነበር። ድስቱን እንዴት ነው የምመዝነው?

የምግብ_ባለሙያ_ለገጣፎ | ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡45

ድስት ውስጥ የገባ ፕሮቲን በመፍላት አይጨምርም፣ አይጠፋም። የሚገባውና የሚወጣው ውሃው ነው። ስለዚህ ፕሮቲኑን ከመግባቱ በፊት እንቆጥረዋለን፣ ከዚያ በወጡ ሙሉ ክብደት ላይ እናከፋፍለዋለን።

መጀመሪያ ባዶውን ድስት ያለ ክዳኑ መዝኚና ጻፊው። ክኩን ለቅመሽ ስትጨርሺ፣ ገና ሳይታጠብ መዝኚ። ከታጠበ በኋላ ከሆነ የያዘው ውሃ አብሮ ይመዘናል። ሽንኩርቱን ልጠሽ መዝኚ፤ ሰንጠረዡ የሚናገረው ስለሚበላው ክፍል ብቻ ነው። ዘይት ፕሮቲን የለውም፣ ለዚህ ስሌት መመዘን አያስፈልገውም። ውሃውንም አትለኪ፤ መጨረሻ ላይ ድስቱ ራሱ ይነግርሻል።

ወጡ ሲወጣ ድስቱን ከነወጡ መዝኚ። የጋለ ድስት ፕላስቲክ ሚዛን ላይ አይቀመጥም። መክተፊያ እንጨት አስቀምጪ፣ ዜሮ አድርጊ፣ ከዚያ ድስቱን ጫኚ። ሚዛንሽ እስከ 5 ኪሎ ብቻ ከሆነ ትልቁን ድስት አይችልም፤ መካከለኛውን ተጠቀሚ።

እማማ_ሰበታ | ረቡዕ ከጠዋቱ 1፡15

ልጄ ማሂ፣ እኔ በሚዛን አላደግሁም፣ በእፍኝ ነው። ግን አንድ ነገር ልበልሽ። ይህን ሁሉ ከምትደክሚ ለእናትሽ በትንሽ ድስት ለብቻ ሥሪላት። የሚገባትን ክክ ደረቁን መዝነሽ ታስገቢያለሽ። ብትወፍር፣ ብትቀጥን ምን ቸገረሽ? ድስቱን ከጨረሰች ያስገባሽውን በላች ማለት ነው። ባለቤቴ ስኳር በያዘው ጊዜ ለእሱ እንዲህ ነበር የማደርገው።

የምግብ_ባለሙያ_ለገጣፎ | ረቡዕ ከጠዋቱ 2፡00

እማማ፣ ከኔ መንገድ ያጠረ ነው ያሉት። 55 ግራም ደረቅ ክክ ብታስገባ፣ 55 በ24 ተባዝቶ ለ100 ሲካፈል 13.2 ግራም ነው፤ አለቀ። የበሰለውን መመዘን አያስፈልጋትም። ብቻ ድስቱ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር መጥረግ ነው።

ማሂ_ቱሉዲምቱ | ረቡዕ ከጠዋቱ 2፡30

እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሐሳቡ ገብቶኛል። ግን እናቴ ለብቻዋ ድስት ሲጣድላት ካየች አትበላም። አንድ ጊዜ ጨዉን ለይቼ ብሠራላት «ከቤቱ ለየሽኝ» ብላ አለቀሰች። የጋራውን ድስት ልሞክር።

ብረት_አንሺው | ረቡዕ ከቀኑ 7፡40

ባለሙያ፣ አንድ ጥያቄ። እኔ የዶሮ ደረት ጠብሼ ነው የምመዝነው። 200 ግራም ጥብስ እበላለሁ። ሰንጠረዤ 22 ስለሚል 44 ግራም ብዬ ነው የምመዘግበው። እኔም ተሳስቻለሁ ማለት ነው?

የምግብ_ባለሙያ_ለገጣፎ | ረቡዕ ከምሽቱ 1፡10

ተሳስተሃል፤ ያንተ ስህተት ግን በተቃራኒው ነው። ምስር ሲበስል ውሃ ይጠጣል፣ ሥጋ ሲጠበስ ውሃ ያጣል። 22 የጥሬው ነው። 1 ኪሎ ጥሬ ደረት 220 ግራም ፕሮቲን አለው እንበል። ተጠብሶ 720 ግራም ቢቀር፣ ያው 220 ግራም ነው 720 ውስጥ ያለው። በ100 ግራም 30 ገደማ ይሆናል። የምትበላው 200 ግራም ጥብስ ወደ 61 ይጠጋል። 17 ግራም አሳንሰህ ስትቆጥር ነበር። ጥሬውን መዝነህ የጥሬውን ቁጥር ውሰድ፣ ወይም ጥብሱን መዝነህ የጥብሱን መስመር ፈልግ። መቀላቀሉ ነው ችግሩ።

አባ_ቢኒ | ረቡዕ ከምሽቱ 1፡50

እንቁላልስ? ቢኒ በቀን አንድ ይበላል። ከነቅርፊቱ መዘንኩት፣ 58 ግራም ነው።

የምግብ_ባለሙያ_ለገጣፎ | ረቡዕ ከምሽቱ 2፡05

ቅርፊቱን ልጠህ መዝነው። 51 አካባቢ ይሆናል። የእንቁላል ቁጥር 12.6 ስለሆነ ወደ 6.4 ግራም ፕሮቲን ነው። ከነቅርፊቱ ብትቆጥረው 7.3 ይመጣ ነበር። ለጤነኛ ልጅ ይህ ልዩነት ምንም አይደለም፤ አትመዝንበት። አጥንት ያለው ሥጋ ላይ ግን ትልቅ ነው። በልቶ ሲጨርስ አጥንቱን መዝነህ ቀንስ።

ማሂ_ቱሉዲምቱ | ሐሙስ ከምሽቱ 2፡15

ሠራሁት። ቁጥሮቼን ልጻፍና እዩልኝ።

ክክ 400 ግራም። በ24 ሲባዛ፣ ለ100 ሲካፈል 96 ግራም ፕሮቲን። ሽንኩርት 300 ግራም፣ በርበሬ 20 ግራም። ሁለቱ ተደምረው በወረቀቱ ስሌት 6 ግራም አካባቢ ሆኑ። ድስቱ ውስጥ ያለው 102 ግራም ነው።

ወጡ ሲወጣ 2,550 ግራም መዘነ። 102ን ለ2,550 አካፍዬ በ100 ሳባዛ 4 መጣ። ስለዚህ የእናቴ 220 ግራም ወጥ 8.8 ግራም ነው አልኩ። ደስ ብሎኝ ጭልፋ ጨመርኩላት።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። አራታችን በላን፣ የተረፈውንም መዘንኩ። ሁሉንም ስደምር ወጡ 1,700 ግራም ብቻ ነው። በ4 ስሌት 68 ግራም ፕሮቲን ነው የሚሆነው። 102 አስገብቼ 34ቱ የት ገባ?

የምግብ_ባለሙያ_ለገጣፎ | ሐሙስ ከምሽቱ 2፡40

ባዶው ድስት ስንት ነበር?

ማሂ_ቱሉዲምቱ | ሐሙስ ከምሽቱ 2፡43

850። ወይኔ! አልቀነስኩትም። የብረቱን ክብደት ከወጡ ጋር ቆጥሬዋለሁ።

የምግብ_ባለሙያ_ለገጣፎ | ሐሙስ ከምሽቱ 3፡00

አዎ። 2,550 ሲቀነስ 850፣ 1,700 ነው። 102 ለ1,700 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 6 ይሆናል። የእናትሽ 220 ግራም ወጥ 13.2 ግራም ፕሮቲን አለው። እሑድ 53 ያልሽው፣ ብረት አንሺው 17.6 ያለው፣ ዛሬ 8.8 ያልሽው ይህንኑ ነው።

ስህተቱን ያገኘሽበት መንገድ ደግሞ እኔም የምጠቀምበት ነው። ከሳህኖቹና ከትራፊው የምትደምሪው ፕሮቲን ድስቱ ውስጥ ካስገባሽው ጋር መገጣጠም አለበት። የጥቂት ግራም ልዩነት ይኖራል፤ ጭልፋና ድስት ላይ ይቀራል። ሢሶው ከጠፋ ግን ክብደት ላይ ነው ስህተቱ።

እማማ_ሰበታ | ዓርብ ከጠዋቱ 1፡05

ጎሽ ልጄ። ወጡ አድሮ ሲሞቅስ? እኔ ጠብ እያደረግሁ ነው የማሞቀው፣ ያለዚያ ያርራል።

የምግብ_ባለሙያ_ለገጣፎ | ዓርብ ከጠዋቱ 2፡10

የእማማ ጥያቄ በጣም አስፈላጊ ነው። ማሂ፣ ትናንት 900 ግራም ተርፎ ከሆነ 54 ግራም ፕሮቲን አድሯል ማለት ነው። ዛሬ ውሃ ጠብ አድርገሽ 1,020 ግራም ቢሆን፣ 54ቱ ያው ነው፣ ግን በ100 ግራም 5.3 ብቻ ይሆናል። እሳት ላይ ረስተሽው 780 ቢሆን ወደ 6.9 ይወጣል። ስለዚህ ትናንት ያገኘሽው 6 ለዛሬው ወጥ አይሠራም። ካሞቅሽ በኋላ ድስቱን እንደገና መዝኚ። ወይም ከእንግዲህ ወጡ በወጣበት ማታ የእሷን ድርሻ ለይተሽ በትንሽ ሳህን አሳድሪው፤ ያኔ ማታ ያሰላሽው ይጸናል።

ማሂ_ቱሉዲምቱ | ዓርብ ከቀኑ 6፡30

ትንሿ ሳህን ትቀለኛለች። አሁን የቀረኝ እንጀራው ነው። የምገዛው ከሰፈር ነው። አንዱን መዘንኩት፣ 280 ግራም ነው። ወረቀቱ ላይ ጤፍ ዱቄት 11 ይላል፣ እንጀራ የሚል መስመር ግን የለውም። በ11 ካባዛሁት 31 ግራም ይመጣል። ይህም እንደ ምስሩ የውሃ ነገር መሆኑ ገብቶኛል። ግን ሊጡን እኔ አላቦካሁት፣ ድስቱን እንደመዘንኩት ልመዝነው አልችልም።

ብረት_አንሺው | ዓርብ ከቀኑ 7፡00

እንጀራ ካርቦሃይድሬት ነው፣ ፕሮቲን የለውም። ዝለዪው።

የምግብ_ባለሙያ_ለገጣፎ | ዓርብ ከምሽቱ 1፡30

አይዘለልም። በየማዕዱ ስለሚበላ ከምስሩ ጋር የሚተካከል ፕሮቲን ሊሰጥ ይችላል።

እማማ_ሰበታ | ዓርብ ከምሽቱ 2፡00

ድርቆሽ አድርጊው! 100 ግራም እንጀራ ቆርሰሽ ፀሐይ ላይ አስጪው። ሲደርቅ መዝኚው። ውሃው ሲሄድ የሚቀረው ዱቄቱ አይደል?

የምግብ_ባለሙያ_ለገጣፎ | ዓርብ ከምሽቱ 2፡25

እማማ፣ ይህን በማሰብዎ ኮራሁብዎ። በደንብ የደረቀ ድርቆሽ እርጥበቱ ከዱቄት ብዙ አይርቅም። ስለዚህ የዱቄቱን ቁጥር በድርቆሹ ክብደት ላይ ማባዛት ይቻላል። ጣት ላይ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ይድረቅ። የሚተጣጠፍ ከሆነ ገና ውሃ አለው።

ማሂ_ቱሉዲምቱ | እሑድ ከቀኑ 9፡10

ሁለት ቀን አሰጣሁት። 100 ግራሙ 38 ግራም ሆነ። 38 በ11 ተባዝቶ ለ100 ሲካፈል 4.2 ነው። የእናቴ 280 ግራም እንጀራ እንግዲህ 11.8 ግራም ይሆናል። ከምስሩ ጋር ምሳዋ 25 ነው። ለቁርስና ለራት 20 ይቀራታል። ዛሬ 220ውን ሙሉ በላች።

ግን ሻጯን ጠየቅኳት፣ «ሩዝ እንቀላቅላለን» አለችኝ። ምን ያህል እንደሆነ አልነገረችኝም።

የምግብ_ባለሙያ_ለገጣፎ | እሑድ ከምሽቱ 1፡00

ሩዝ ካለበት ከ4.2 ይወርዳል፤ የሩዝ ዱቄት ፕሮቲኑ 6 ወይም 7 ነው። ጤፉ ራሱም በየሰንጠረዡ ከ9 እስከ 13 ይለያያል። ድርቆሹ የውሃውን ነገር ፈታ፤ የድብልቁን አይፈታም። እኔ በ4 ያዥው እላለሁ።

እማማ_ሰበታ | እሑድ ከምሽቱ 1፡20

እኔ አልስማማም። የማታውቂውን ዱቄት በግምት ከመያዝ ጤፍ ገዝተሽ ራስሽ ጋግሪላት።

ማሂ_ቱሉዲምቱ | እሑድ ከምሽቱ 1፡45

እማማ፣ ብችል ደስ ይለኛል። ግን በሥራ ቀን ከቤት 12 ሰዓት ላይ ወጥቼ ማታ 1 ሰዓት ነው የምገባው፣ መብራቱም እንደልብ አይደለም። ለጊዜው በ4 እይዘዋለሁ። የፊታችን ረቡዕ ቀጠሮ አላት፣ ቁጥሮቹን ለሐኪሙ አሳየዋለሁ።

አንድ ያልመለስኩት ነገር አለ። የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። የእሷን ወጥ መዝኜ በፊቷ በኩል ነው የማፈሰው። ወንድሜ ደግሞ ከራሱ በኩል እየጠቀለለ ያጎርሳታል። ተው ብለው ተቆጣ፤ እሷም ተቆጣች።

የምግብ_ባለሙያ_ለገጣፎ | እሑድ ከምሽቱ 2፡05

ጉርሻውን አትከልክዪው። ከእሷ በኩል ካለው ወጥ ጠቅልሎ ያጉርሳት። ያ አስቀድሞ ተመዝኗል።

ማሂ_ቱሉዲምቱ | እሑድ ከምሽቱ 2፡09

ይህን ነገ እነግረዋለሁ።